የሒሳብ ክበብ በ2016 ዓ.ም.፦ ከ2.5 ጎል በላይ ወይስ በታች?

የዘንድሮው ሥራችን የተነሳው ከተማሪዎቹ ጥያቄ ነው። በየሰፈሩ ቤቲንግ ቤት «ኦቨር 2.5»፣ «አንደር 2.5» የሚል ያያሉ። ኦቨር ማለት በጨዋታው ሦስትና ከዚያ በላይ ጎል ይገባል ማለት ነው። አንደር ደግሞ ሁለትና ከዚያ በታች። «ይሄ በሒሳብ ይገመታል ወይ?» አሉኝ። ገንዘብ የሚባል ነገር ክበቡ ውስጥ እንዳይገባ በመጀመሪያው ቀን ተስማማን። ከዚያ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን ሠንጠረዥ ግድግዳ ላይ ለጥፈን፣ እያንዳንዱ ቡድን ያገባውንና የገባበትን ጎል በየሳምንቱ መሙላት ጀመርን።

የዓመቱን ሥራ ለማሳየት አንድ ጨዋታ ይበቃኛል። ግንቦት 11 ቀን አርሰናል በሜዳው ከኤቨርተን ጋር የተጫወተው የመጨረሻው ቀን ጨዋታ ነው። እስከዚያ ቀን አርሰናል በ37 ጨዋታ 89 አግብቶ 28 ገብቶበታል። ኤቨርተን 39 አግብቶ 49 ገብቶበታል። ከተማሪዎቹ አንዱ ቡድን በኋላ ሲያሰላ የ38ቱንም ጨዋታ ድምር ወስዶ ነበር። ይህ አይሆንም፤ የምንገምተውን ጨዋታ ውጤት ግምቱ ውስጥ ከተትነው ማለት ነው።

ተማሪዎቹ መጀመሪያ ያደረጉት መደመር ነው። አርሰናል በጨዋታ 2.41 ያገባል፣ ኤቨርተን 1.05 ያገባል፣ ድምሩ 3.46፣ ስለዚህ ኦቨር። ነገር ግን የኤቨርተን 1.05 የመጣው ከሁሉም ተከላካዮች ጋር ተጫውቶ ነው። አርሰናል ላይ የሚገባው በጨዋታ 0.76 ብቻ ነው። ኤቨርተንም ቢሆን ብዙ አይገባበትም፤ የገባበት በጨዋታ 1.32 ሲሆን፣ የሊጉ አንድ ቡድን አማካይ 1.64 ነው (በዓመቱ 380 ጨዋታ 1246 ጎል ገብቷል)።

ስለዚህ አንዱ የሚያገባውን አማካይ ሌላው በሚገባበት አማካይ አባዝተን በሊጉ አማካይ እናካፍላለን። ለአርሰናል 2.41 ሲባዛ በ1.32፣ ሲካፈል ለ1.64፣ 1.94 ይሆናል። ለኤቨርተን በተመሳሳይ መንገድ 0.49። ድምሩ 2.43 ነው። ከ3.46 ወደ 2.43 መውረዱን ሲያዩ ክፍሉ ጸጥ አለ።

«እንግዲህ 2.43 ከ2.5 ያንሳል፣ አንደር ነው» አለ አንዱ። መልሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ልክ አይደለም። እዚህ ላይ ሁለት ሙሉ ሳምንት ቆየን፤ በዓመቱ ከሠራነው ሁሉ እኔ የምወደው ይሄኛውን ነው። አማካይ ለብቻው ዕድሉን አይነግረንም። ዕድሉን ለማግኘት የፈረንሳዩን የሒሳብ ሊቅ የፖይሰንን ስሌት ተጠቀምን። በአማካይ 2.43 ሲጠበቅ ምንም ጎል ያለመግባት ዕድል 8.8 በመቶ ነው። ይህን በ2.43 ስናባዛ የአንድ ጎል ዕድል 21.4 በመቶ ይወጣል። እንደገና በ2.43 አባዝተን ለሁለት ስናካፍል የሁለት ጎል ዕድል 26 በመቶ ገደማ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ አንደር 56፣ ኦቨር 44 በመቶ። ኮምፒውተር ላይ በኤክሴል የአንደሩ ዕድል በአንድ መስመር ይወጣል፦

```
=POISSON.DIST(2,2.43,TRUE)
```

አሁን 2.43ን በ2.6 ቀይሩት። ከ2.5 ይበልጣል፤ ግን አንደር አሁንም 52 በመቶ ነው። ተማሪዎቹ አላመኑም፣ በእጃቸውም ደግመው ሠሩት። ምክንያቱ አልፎ አልፎ የሚመጡት የስድስትና የሰባት ጎል ጨዋታዎች ናቸው። አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል፣ ኦቨር ላይ ግን እያንዳንዳቸው የሚቆጠሩት እንደ አንድ ጨዋታ ነው። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት አማካዩ 2.67 ገደማ ሲደርስ ነው።

ጨዋታውስ? እስከ 89ኛው ደቂቃ 1 ለ 1 ነበር። ከዚያ ሃቨርትዝ አገባ፣ 2 ለ 1፣ ኦቨር ሆነ። በማግስቱ «ተሳሳትን» ብለው መጡ። አልተሳሳትንም። 44 በመቶ ያልነው ነገር ሆነ፣ ይሆናልም። ግምታችን የሚፈተነው ተመሳሳይ ጨዋታዎችን ሰብስበን ነው። ኦቨር 44 በመቶ ባልናቸው 50 ጨዋታዎች ውስጥ 22 አካባቢ መምጣት አለበት፤ ከ15 እስከ 29 ቢመጣ አያስደነግጥም። 40 ከመጣ ግን ስሌታችን ተበላሽቷል።

ስሌቱ የማያየው ነገር አለ። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ ቡድን በ5 ጨዋታ 10 ጎል ቢያገባ አማካዩ 2 ነው እንላለን፤ እውነተኛው ግን 1.4ም 2.6ም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የጻፍናቸውን ግምቶች ለይተን አስቀምጠናል። ሜዳንም አልቆጠርንም፤ አርሰናል በሜዳውና ከሜዳው ውጪ አንድ አይደለም። ለ2017 ሠንጠረዡን ለሁለት ከፍለን፣ የሜዳውንና ከሜዳ ውጪ ያለውን ለየብቻ እንሞላለን። አዲሱ ወረቀት ከአሁኑ ግድግዳው ላይ አለ።