በበርበሬያችን ላይ ለጻፉልን ምስጋናና ለቀሩት ደንበኞቻችን የተሰጠ መልስ

ለተከበሩ እህታችን፣ እንዲሁም ለመላው የባልትና ሱቃችን ደንበኞች፤

ስለ በርበሬያችን በይፋ የጻፉትን ምስጋና ልጄ ጮክ ብላ አነበበችልኝ። እግዜር ይስጥልን። «ቁሌቱ ገና ሳይበስል ጎረቤት መጥቶ ምን እየሠራሽ ነው አለኝ» ያሉትን ደግሞ ሱቅ ውስጥ ለሚቀነጥሱት ሴቶች አስነብቤላቸዋለሁ። ቀኑን ሙሉ በርበሬ እጃቸውንና ዓይናቸውን ሲያቃጥላቸው የሚውሉት እነሱ ናቸውና ምስጋናው የሚገባው ለእነሱ ነው።

ከምስጋናዎ መጨረሻ ላይ ግን አንድ ቅሬታ አለች። ለእንቁጣጣሽ መጥተው በርበሬ የለም ተባልኩ፣ በኅዳር መጨረሻ ስመለስ ደግሞ ዋጋው ጨምሮ ጠበቀኝ ብለዋል። እርስዎ በትሕትና ነው የጻፉት። ሌሎች ደንበኞቻችን ግን ፊት ለፊቴ «ደብቃችሁ ዋጋ እስኪንር ጠበቃችሁ» ብለውኛል። ይህን ሳልመልስ ብቀር እንቅልፍ ስለማይወስደኝ ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

በርበሬ በዓመት አንዴ ነው የሚደርሰው። የማረቆውም የሀላባውም ዛላ በብዛት ገበያ የሚወጣው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው፤ ያኔ ፀሐይ ላይ የደረቀ፣ ሲነቀንቁት ዘሩ ውስጡ የሚንኳኳ በርበሬ ይገኛል። እኛም የምንገዛው ያኔ ነው። ዛላውን ሳይፈጭ በጆንያ አድርገን፣ ከወለሉ ከፍ ባለ ጣውላ ላይ ደርድረን እናስቀምጠዋለን። ከዚያ ለአንድ ወር የሚሆነውን ብቻ እያወጣን እናዘጋጃለን፤ የተፈጨ በርበሬ ሲከርም ሽታው እየጠፋ ስለሚሄድ የዓመቱን በአንዴ አናስፈጭም። የዓመቱን ዛላ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ደግሞ አቅም ይጠይቃል፣ ያለንም አቅም እናንተ ራሳችሁ ወር በወር የምትከፍሉን ነው። አምና ፈላጊው በዛና የያዝነው በሐምሌ መጨረሻ አለቀ።

ነሐሴ ላይ ወደ በርበሬ በረንዳ ወረድኩ። አንድ ነጋዴ ጆንያ ከፈተልኝ፤ ላይ ላዩ እሳት የመሰለ ቀይ ነው። እጄን እስከ ታች ሰደድኩና አንድ እፍኝ አወጣሁ። ዛላው ሲታጠፍ አይሰበርም፣ እንደ ቆዳ ይለመጣል። ብነቀንቀው ዘሩ ድምፅ የለውም። አንዱን በጥፍሬ ሰንጥቄ ስከፍተው ዘሩ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ግራጫ ለስላሳ ነገር አለ፣ ሽታውም እርጥብ የጓዳ ሽታ ነው። ሻጋታ ነው። ክረምቱ ራሱ እርጥበት አለው፤ በዚያ ላይ ዛላ በጣም ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ክብደቱም ይቀንሳልና ውኃ የሚረጩበት ሰዎች አሉ። ነጋዴው «እማማ፣ ሲፈጭ ማን ያየዋል?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ከተፈጨ በኋላ አይታይም። ትቼው ወደ ቤቴ የተመለስኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

«ሲቁላላ እኮ ይሞታል» ያሉኝ ደንበኞች አሉ። ሻጋታው ይሞታል፣ ሊተወው የሚችለው መርዝ ግን አይሞትም። አፍላቶክሲን የሚባለው ይህ መርዝ ቀለምም ጣዕምም ሽታም የለውም። ድስት ላይ ያለው ሙቀት አያጠፋውም፣ ፀሐይ ላይ መልሶ ማስጣትም አያወጣውም። ለረጅም ጊዜ ሲበላ ጉበት ይጎዳል። እኔ የላብራቶሪ መሣሪያ የለኝም፤ ስለዚህ ዓይቼ ይህ ከመርዝ ነፃ ነው ብዬ ልምልላችሁ አልችልም። የምችለው ከሥሩ መጠበቅ ነው፤ ደረቁን መግዛት፣ ደረቅ ቦታ ማኖር፣ የተጠራጠርኩትን አለመግዛት። እሱን ደግሞ አደርጋለሁ።

ሌላም ምክንያት አለ። እርስዎ የወደዱት ሽታ የሚመጣው ከድለዛው ነው። ተቀንጥሶ የጸዳው በርበሬ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከቀይ ሽንኩርት፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ይደለዛል፤ እርጥብ እንደሆነ ታፍኖ ያድርና ከዚያ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በበጋ በጥቂት ቀን ኮስተር ብሎ ይደርቃል። በነሐሴ ግን ጠዋት ብታሰጡት ቀትር ላይ ዝናብ ይመጣል፣ እየገባ እየወጣ ውስጡ ሳይደርቅ ይቦካል። ሲነካ ላዩ የደረቀ ይመስላል፣ ጉብታውን ሲሰብሩት መሐሉ ገና እርጥብ ነው። እንዲህ ያለውን አምሰን ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድና ነጭ አዝሙድ ብንጨምርበት ለጊዜው ይሸታል፤ ከወር በኋላ ግን ዕቃችሁን ስትከፍቱ የሚጠብቃችሁ ሌላ ነው። በኤሌክትሪክ ማድረቂያ አድርጉት ያላችሁኝ አላችሁ። አጠያይቄያለሁ፤ ዋጋውም መብራቱም ከእኛ አቅም በላይ ነው።

ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል ባዶ እጃችሁን ስለተመለሳችሁ ይቅርታ። በዓል ላይ በርበሬ ማጣት ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ ዋጋው። በኪሎ 120 ብር ጨምረናል። ከ10 ኪሎ ዛላ ቅንጣሹን፣ ነጭ የመታውንና የጠቆረውን ስናወጣ አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይወጣል፤ ለእሱም ከፍለንበታል። ርካሽ የሚሸጥ ቤት ቅንጣሹን አብሮ ካስፈጨው እኛ የምንጥለውን እሱ ይሸጠዋል ማለት ነው። ቅንጣሽ ሲፈጭ ቀለሙን ያደበዝዛል፣ ወጡንም ያሻክራል። በዚያ ላይ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ የመኪናው፣ የወፍጮው፣ የሴቶቹ የቀን ክፍያ ሁሉም ጨምሯል። የቀን ክፍያቸውን ባልጨምር ኖሮ ዋጋው በመጠኑ ይቀንስ ነበር። ግን እነሱም የሚገዙት እዚሁ ገበያ ነው፣ ጨመርኩ። ከዚህ ላይ ምንም አልቀንስም።

ይህን ሥራ የጀመረችው እናቴ ናት። ለሠርግና ለተዝካር በርበሬ እያዘጋጀች ነው እኛን ያሳደገችው፤ ሰው ቤት ገብታ ዛላውን ካልወደደችው «ይህን አልነካም» ብላ ነጠላዋን አንሥታ ትወጣ ነበር። ገንዘቡን እንደምንፈልገው እያወቅን እኛ ልጆቿ እንናደድባት ነበር። ዛሬ ያላችሁት ደንበኞች አብዛኞቻችሁ ያኔ እሷን ያውቁ የነበሩ ቤተሰቦች ልጆች ናችሁ፤ ለዚህም ነው «ደብቃችሁ» የሚለው ቃል ከዋጋ ቅሬታው ይልቅ ያመመኝ።

እህታችን፣ እርስዎ ቅሬታዎን ይዘው ተመልሰው መጥተዋል፣ በርበሬውን ገዝተዋል፣ መልካሙንም ጽፈዋል። ሌሎቻችሁም ጨክናችሁ እንዳትሄዱብን እለምናለሁ።

ለሚመጣው ክረምት እንዲህ አስበናል። አሁን ዛላው በደረቀበት ጊዜ የዓመት ፍላጎታችሁን ንገሩን፤ ሩቡን አሁን ለሚከፍል፣ ቀሪውን በየወሩ ሲወስድ እየከፈለ፣ በዛሬው ዋጋ እስከ መስከረም እናቆይለታለን። እስከ ጥር 30 ድረስ በሱቅ እንመዘግባለን፤ ከዚያ በኋላ ግን ዛላው ከገበያ እየራቀ ስለሚሄድ ቃል መግባት አልችልም። ስትመጡ ጆንያውን እከፍትላችኋለሁ፣ እጃችሁን እስከ ታች ሰዳችሁ እዩት።

ከአክብሮት ጋር፣
የሱቁ ባለቤት