እታለም «እራት ሰጠችኝ» ትላለች

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? እኛ ሁለታችንም ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሆዴ እየባባ ሌላ ወሬ አወራሁ። ስለዚህ መጻፍ ይሻላል አልኩ። ዓይንሽ እንዳይደክም ፊደሉን ትልቅ አድርጌዋለሁ።

እኔና እታለም በአበባዬሆሽ ተጣልተን ነበር። የምር ጠብ ነው፤ ለቀናት አልተደዋወልንም።

እንደምታውቂው ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ ታስተምራለች። ዘንድሮ ሴቶቹ ልጆች ለእንቁጣጣሽ አበባዬሆሽ ይዝፈኑ ተባለ። አብዛኞቹ እዚሁ የተወለዱ ናቸው። እኛ በጆሯችን የያዝነውን እነሱ በወረቀት ካላገኙት አይዙትም። «አንተ በኮምፒውተር አማርኛ ይፈጥንልሃል፣ ግጥሙን ጻፍልኝ» አለችኝ። ጻፍኩላት፦

ባልንጀሮቼ ቁሙ በተራ፣
እንጨት ሰብሬ ቤት እስክሠራ።
እንኳን ቤትና የለኝም አጥር፣
እደጅ አድራለሁ ኮከብ ስቆጥር።

እስከዚህ ድረስ ተስማማን። ቀጥዬ ግን ሁሉም እንደሚለው አልኩ፦

ኮከብ ቆጥሬ ስገባ ቤቴ፣
ትቆጣኛለች የንጀራ እናቴ።

እታለም ሁለተኛውን መስመር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። ከሥሩ «እራት ሰጠችኝ ደጓ እናቴ» ብላ ጻፈች።

«እንዲህ የሚባል የለም» አልኳት።

«አለ። እኔ እንዲህ ነው የምለው።»

«ከየት አመጣሽው?»

«አንተ ወንድ ነህ፤ ያንተ ሆያ ሆዬ ነው። የቡሄውን ጠይቀኝ ብዬሃለሁ? አበባዬሆሽን ቤት ለቤት የዞርኩት እኔ ነኝ።»

ይሄ አናደደኝ። እኔም እኮ የመስከረም አንድ ጠዋት የሳልኳቸውን አበባዎች ይዤ የሰፈር ሴቶችን ከኋላ ከኋላ እከተል ነበር። በየበሩ ቆሜ ሰምቼዋለሁ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልረታት ተነሳሁ። ቤት መምታቱ አይረዳኝም። «ቤቴ» ካለ «የንጀራ እናቴ»ም «ደጓ እናቴ»ም እኩል ይመታል። ልኩም አይረዳኝም። ሁለቱንም እያጨበጨብኩ ሞከርኳቸው፤ ጭብጨባው አንዱንም አይጥልም።

የረዳኝ ታሪኩ ነው። ልጅቷ ቤት የላትም፣ አጥር የላትም፣ ደጅ አድራ ነው የምትመጣው። እንዲህ ላመሸች ልጅ ቁጣ ይጠብቃታል እንጂ እራት ከየት ይመጣል? ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አለ፦

የንጀራ እናቴ ሁለት ልጅ አላት፣
ለነሱ ፍትፍት ለኔ ድርቆሽ፣
ከሆዴ ገብቶ ሲንኮሻኮሽ።

«እናትየዋ ደግ ከሆነች ድርቆሹ ከየት መጣ?» ብዬ ጻፍኩላት። «እኔ ስለ ድርቆሽ ዘፍኜ አላውቅም» የሚል መልስ መጣ። ከዚያ ዝም ተባባልን።

በመጨረሻ የባለሱቋን ልጅ አገኘኋት፣ ያቺ የእታለም ጓደኛ፣ አሁን ቤሩት ያለችው። ነገሩን ስነግራት ወዲያው ገባት። «የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የንጀራ እናቴ ነው የሚለው፤ አንተም የሰማኸው እሱን ነው» አለችኝ። «አንተ መከተል ስትጀምር እታለም አድጋ ትታው ነበር። በኛ ጊዜ ግን አውጪዋ እሷ ነበረች። እኛ ተቀባዮቹ ለምለም፣ ለምለም ነው የምንለው። አውጪዋ ምንም ብትል የኛ አይለወጥም። እሷ እዚያ ቦታ ስትደርስ ሁልጊዜ ደጓ እናቴ ትል ነበር። አንድም ቀን የንጀራ እናቴ ብላ አታውቅም።»

እማዬ፣ ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ።

ቤታችን ውስጥ ያ ቃል ተነስቶ አያውቅም። እታለም ከኔ እናት እንዳልተወለደች ያወቅኩት አድጌ ነው፤ እሱንም ከጎረቤት ሰምቼ። ሮጬ ስጠይቅሽ «ሁለታችሁም የኔ ናችሁ፣ ሂድ እጅህን ታጠብ» አልሽኝ። እኔም ታጥቤ በላሁ፤ አለቀ። የእሷን ልብ ጠይቄው አላውቅም።

እሷ ቤት ሄድኩና ቡና አፍልታ ነገረችኝ። አንቺ ቤታችን በገባሽበት ዓመት ነው አሉ። የጳጉሜን ማታ ነው። አንቺ ማድ ቤት ለድፎው ኮባ እየጠረግሽ፣ እሷ በሩ ላይ ተቀምጣ ዘፈኑን ትለማመዳለች። «ስገባ ቤቴ» ላይ ደረሰችና ቆመች። ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለች፤ ግን ቀና ስትል ያየችው አንቺን ነው። እንደገና ከላይ ጀመረች፣ እንደገና እዚያው ቆመች። ያኔ ኮባውን አስቀምጠሽ እጅሽን በመቀነትሽ ጠረግሽና «ይቺን እንዲህ በያት» አልሻት። ዜማውን ሳትለቂ ሰጠሻት፦ እራት ሰጠችኝ ደጓ እናቴ።

በማግስቱ አውጪ ሆና እሱኑ አወጣችው፣ ልጆቹም ለምለም አሏት።

ሌላም ነገረችኝ። ከዚህ መስመር ቀጥሎ የምትለው እንዲህ ነው፦

ደጓ እናቴ ሁለት ልጅ አላት፣
ለሱም ፍትፍት ለኔም ፍትፍት።

እዚህ ላይ ልቤ ተነካ። በሰፈሩ ግጥም ሁለቱ ልጆች የእንጀራ እናቲቱ ናቸው፤ ዘፋኟ ከነሱ ውጭ ናት፣ ድርቆሽ ይዛ ቀርታለች። አንቺ ቁጥሩን አልነካሽውም፣ ሁለት እንዳለ ትተሽዋል። ግን እሷን ከሁለቱ አንዷ አደረግሻት። «ለሱም» የተባልኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህቺ መስመር የተጨመረችው እኔ ከተወለድኩ በኋላ ነው። የመጀመሪያዋን ለእታለም ብቻ ሰጥተሽ፣ ስወለድ ተመልሰሽ ቀጠልሽላት ማለት ነው። እኔን ታቅፈሽ፣ እሷን እያሰብሽ። ሳስበው እንባዬ ይመጣል፣ እማዬ።

ለምን እንደሰረዘችውም ያኔ ነገረችኝ። ከተማሪዎቿ አንዷ አባቷ በቅርቡ ሌላ ሚስት አግብቷል። ያቺ ልጅ በአዲሷ እናቷ ፊት «ትቆጣኛለች» ብላ እንድትዘፍን አልፈለገችም። እኔ ስለ ትክክለኛ ግጥም ስከራከር እሷ የምታስበው ስለ አንዲት ልጅ ነበር።

አሁን ወረቀቱ ላይ ሁለቱንም አትመናል። የሰፈሩ ከላይ፣ ያንቺ ከታች። አውጪዋ የፈለገችውን ትውሰድ፤ ተቀባዮቹ ያው ለምለም ነው የሚሉት። የሰፈሩን ማጥፋት አልፈለግንም፤ ድርቆሽ የበሉ ልጆች ነበሩ፣ ዛሬም አሉ። ምርቃቱን፣ «ከብረው ይቆዩን ከብረው» የሚለውን፣ ያለ ክርክር አስገባነው።

አንድ ነገር ግን ጎድሎናል። እታለም ከፍትፍቱ በኋላ አንድ መስመር እንደነበረ ታስታውሳለች፤ ቃሉ ግን ጠፍቷታል። ስለ እንጎቻ ይመስለኛል ትላለች፣ እርግጠኛ አይደለችም። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለሺ እንደውልልሻለን፣ ሁለታችንም አብረን እንሆናለን። እስከዚያ ብታስታውሺው ለሠራተኛዋ ንገሪያትና ድምፅሽን ቀድታ በቴሌግራም ትላክልን። በዜማው ብትይው ይሻላል። ልጆቹ ቅዳሜ ይለማመዳሉ።

ልጅሽ