ለመምህርሽ ስለምትልኪው ደብዳቤ

መስከረም 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኛ ሁላችንም ደኅና ነን።

ለማስተርስ ማመልከቻሽ የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልሽ ለመጠየቅ ለቀድሞው መምህርሽ ያዘጋጀሽውን ረቂቅ ደጋግሜ አነበብኩት። አክብሮቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን «ጎበዝ ተማሪዎ እንደነበርኩ ያስታውሳሉ ብዬ አምናለሁ» የሚለውን አውጥተሽ በምትኩ አብራችሁ የሠራችሁትን እንድትጽፊ እለምንሻለሁ። እኔም በመምህርነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲደርሰኝ ስሙን እያየሁ መልኩን ማስታወስ ያቃተኝ ተማሪ ብዙ ነው፤ ከውጤት ብቻ ተነሥቶ የሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ደግሞ መራጮቹ በትራንስክሪፕቱ ያዩትን ከመድገም አያልፍም።

አንቺ ግን መምህርሽን የምታስታውሺያቸው ነገር አለሽ። ከቦረቦሩ የሚወርደውን ጎርፍ በጠርሙስ ቀድታችሁ፣ አጣርታችሁ፣ ደለሉን በ105 ዲግሪ አድርቃችሁ ስትመዝኑ፣ የማጣሪያው ወረቀት ሳይቀዘቅዝ ሚዛን ላይ እንደወጣ ያስተዋልሽው አንቺ ነበርሽ። ትኩስ ነገር ዙሪያውን ያለውን አየር ወደ ላይ ስለሚያነሣው ሚዛኑ ከእውነተኛው ክብደት አሳንሶ ያነባል። ይህንን ማንም ሳይጠይቅሽ ተናግረሽ 40ውን ናሙና እንደገና መመዘንሽን ያዩት እርሳቸው ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ብትጽፊ መልካም ይመስለኛል፦

«ክቡር ዶክተር፣ በ2015 ዓ.ም. በእርስዎ አማካሪነት የደለል መጠን በለካንበት የመመረቂያ ፕሮጀክት፣ ናሙናዎቹ ሳይቀዘቅዙ መመዘናቸውን ነግሬዎት 40ውንም እንደገና የመዘንኩት ተማሪዎ ነኝ። ለማስተርስ ትምህርት ለማመልከት የድጋፍ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ጊዜ የማይመችዎ ከሆነ ቢያሳውቁኝ በአክብሮት እቀበላለሁ።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አይክበድሽ። እምቢ ለማለት አፍሮ የጻፈ መምህር ደብዳቤው ቀዝቃዛ ይሆንበታል፤ የሚጎዳውም አንቺን ነው።

ከሁሉ ያሳሰበኝ «እስከ ጥቅምት መጨረሻ» ያልሽው ነው። የማመልከቻው ማብቂያ ኦክቶበር 31 ነው፤ ይህም በእኛ ጥቅምት 21 ሲሆን፣ መምህርሽ ጥቅምት 30 መስሏቸው ቢቆዩ 9 ቀን ያልፋል። ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ጻፊ፤ እስከ ጥቅምት 15 ቢልኩልሽ ደግሞ ችግር ቢገጥም ማስተካከያ ጊዜ ይኖራል። ደብዳቤውን የሚያስገቡበት ሊንክ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ለእርሳቸው ኢሜይል ስለሚላክና አንዳንድ ጊዜ ስፓም ውስጥ ስለሚገባ፣ በየትኛው ቀን እንደሚደርሳቸው አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ በማግስቱም ደርሷቸው እንደሆነ በትሕትና ጠይቂ። ትራንስክሪፕትሽን፣ ሲቪሽንና የፕሮጀክቱን አጭር ማጠቃለያ ጥያቄውን በምትልኪበት ኢሜይል አያይዢ፤ ፍለጋ እንዳይደክሙ።

ያለሽ ጊዜ ከአራት ሳምንት ያነሰ ነውና ያስተካከልሽውን ዛሬ ማታ ላኪልኝ፤ አንብቤ ጠዋት እመልስልሻለሁ።

አባትሽ