ለአስም ልጆች ወላጆች፦ ፓፉ ሳንባ ድረስ እንዲገባ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

እንደምን ሰነበታችሁ። ይህ ደብዳቤ የደረሳችሁ በምዝገባ ቅጹ ላይ ልጃችን አስም አለበት ብላችሁ ስለሞላችሁ ነው። ክረምቱ ወጥቶ የጠዋቱ ብርድና አቧራው ጀምሯል። በዚህ ወቅት ወደ ትምህርት ቤታችን ክሊኒክ እያሳላቸው የሚመጡ ልጆች ይበዛሉ። አብዛኞቹ መድኃኒቱ በኪሳቸው አለ። ችግሩ አወሳሰዱ ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ከስፖርት ክፍለ ጊዜ ደረቱ እያፏጨ መጣ። ፓፉን አወጣ፣ ሳይነቀንቅ አፉ ውስጥ ከተተና ሦስቴ አከታትሎ ተጫነው። ነጭ ጭስ የመሰለ ነገር ከአፉና ከአፍንጫው ቡልቅ ብሎ ወጣ። ያ የወጣው መድኃኒቱ ነው። ማፏጨቱ አልቀነሰም። ነርሷ ቀጥ ብሎ እንዲቀመጥ አደረገችና ያንኑ ፓፍ በስፔሰር፣ አንድ በአንድ ሰጠችው። ከጥቂት ደቂቃዎች በኋላ ሳይቆራረጥበት ማውራት ቻለ።

ልዩነቱን ያመጣው ይህ ነው። መድኃኒቱ ከፓፉ የሚወጣው በከፍተኛ ፍጥነት ነው። በቀጥታ አፍ ውስጥ ሲረጭ ብዙው ምላስና ጉሮሮ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። ልጁ በተጫነበት ቅጽበት ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ መሳብ አለበት፤ ይህን ማገጣጠም ለአዋቂም ይከብዳል። ስፔሰር በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ ዕቃ ነው። የተረጨው መድኃኒት እዚያ ይዘገያል፣ ትልልቁ ጠብታ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ደቃቁ ከትንፋሽ ጋር ሳንባ ይደርሳል። ልጁ መተንፈስ ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

አወሳሰዱን ቤት ውስጥ፣ ልጁ ደህና በሆነበት ሰዓት አለማምዱት። ቁጭ ወይም ቀጥ ብሎ ይቁም። ክዳኑን አንሱና ፓፉን በደንብ ነቅንቁት። አዲስ ከሆነ ወይም ብዙ ቀን ሳይነካ ከቆየ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ አየር ላይ እርጩት። ከዚያ ስፔሰሩ ላይ ግጠሙት። ልጁ የስፔሰሩን አፍ በጥርሶቹ መካከል ያስገባና በከንፈሩ ግጥም አድርጎ ይዝጋው። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫኑ። አሁን ሳይቸኩል አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እዚያው ይተንፍስ። ሁለተኛ ከታዘዘለት ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይታችሁ፣ እንደገና ነቅንቃችሁ ተጫኑ። ሁለቱን ባንድ ላይ መርጨት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠብታዎቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ግድግዳው ላይ ይቀራሉ። ለኬጂ ልጆችና ከንፈራቸውን ገጥመው መያዝ ለማይችሉ ደግሞ ማስክ ያለው ስፔሰር ያስፈልጋል። ማስኩ አፍንጫንና አፍን ሸፍኖ ፊት ላይ መጣበቅ አለበት። በጎን ትንሽ ክፍተት ካለ መድኃኒቱ በዚያ ያመልጣል።

«ስፔሰር ከፋርማሲ አጣን፣ ዋጋውም አልቻልነውም» ያላችሁን ወላጆች አልረሳሁም። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ይሠራል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሐኪሞች አስም የተነሳባቸው ልጆች ላይ ሞክረውት፣ በደንብ የተገጠመ የ500 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ከፋብሪካው ስፔሰር እንደማያንስ እ.ኤ.አ. በ1999 አሳትመዋል። አሠራሩ ይህ ነው። ሽቦ ወስዳችሁ የፓፉን አፍ ቅርጽና ልክ አስይዙት። ሽቦውን በእሳት አግላችሁ በጠርሙሱ ቂጥ ላይ ተጫኑትና ቀዳዳ አውጡ። የእሳት ሥራ ስለሆነ ልጅ አይጠጋ። ፓፉ በቀዳዳው ውስጥ ጥብቅ ብሎ መግባት አለበት፤ ክፍተት ካለ በፕላስተር ዝጉት። ልጁ የሚተነፍሰው በጠርሙሱ አፍ በኩል ነው። ውስጡ የቀረ የላስቲክ ፍርፋሪ ካለ አራግፉ፣ እጠቡት። ይህ ጠርሙስ የሚሆነው ከንፈሩን ገጥሞ መያዝ ለሚችል ልጅ ነው።

የስፔሰሩ አስተጣጠብ ላይ ብዙዎቻችሁ ትደክማላችሁ፤ ድካሙ ግን መድኃኒቱን ያባክናል። ላስቲክ በጨርቅ ሲታሽ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ያኔ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ስቦ ያስቀረዋል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ የዕቃ ሳሙና እጠቡት፤ ሳታሹትና በጨርቅ ሳትወለውሉት ዘቅዝቃችሁ በራሱ ይድረቅ። የልጁ ከንፈር የሚነካውን ክፍል ብቻ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁት።

ፓፉ ማለቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ሲነቀነቅ ድምፅ መስጠቱ ማስረጃ አይሆንም፤ መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ይቀራልና። ውሃ ውስጥ ጥሎ መንሳፈፉን ማየትም አያስተማምን፤ ፓፉንም ይጎዳል። ብዙዎቹ 200 ጊዜ እንደሚረጩ ላያቸው ላይ ተጽፏል። ቆጣሪ ከሌለው የጀመራችሁበትን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። ለምሳሌ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት የታዘዘለት ልጅ በቀን አራት ይወስዳል። 200 ለአራት ሲካፈል 50 ቀን ነው። በ50ኛው ቀን ቢረጭም እንኳ ይቀየር። ይህ በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ፣ ለምሳሌ ቤክሎሜታሶን፣ ሲወሰድ ልጁ ከጨረሰ በኋላ አፉን በውሃ ተጉመጥምጦ ይትፋ። ካልሆነ አፍ ውስጥ ነጭ ፈንገስ ሊያወጣበት ይችላል።

ፓፍ ሱስ ያስይዛል ብላችሁ ደብቃችሁ የምታስቀምጡ አላችሁ። ሱስ አያስይዝም። አስም ሲነሳ የሚወሰደው ፓፍ፣ ሳልቡታሞል፣ ለጥቂት ጊዜ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ልብ ያስመታል፤ ብዙም ሳይቆይ ይለቃል። ልጁ ሳልቡታሞል በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚያስፈልገው ከሆነ ግን አስሙ በቁጥጥር ሥር አልዋለምና ሐኪም ይየው።

አስም ሲነሳ እኛ ትምህርት ቤት የምናደርገውን ቤትም አድርጉ። ሐኪሙ የጻፈው መመሪያ ካለ እሱ ይቅደም። ከሌለ ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አታስተኙት። ሳልቡታሞሉን በስፔሰር አራት ጊዜ፣ አንድ በአንድ ስጡት። አራት ደቂቃ ጠብቁ። ካልተሻለው አራቱን ድገሙና ወደ ሐኪም ቤት ይዛችሁ ሂዱ ወይም አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል ቁጥር 907 ነው። እስክትደርሱ ድረስ መስጠቱን አታቋርጡ። መናገር ካቃተው፣ የጎድን አጥንቱ መሃል ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ግን አራቱ ደቂቃ እስኪሞላ አትጠብቁ፤ መድኃኒቱን እየሰጣችሁ ወዲያው ተነሱ። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ልጁ እየደከመ ማፏጨቱ ድንገት ዝም ካለ ተሻለው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። አየር መግባት ሲያቆም ድምፁም ይጠፋል።

እስከ ሰኞ ድረስ የልጁ ስም የተጻፈበት ሳልቡታሞልና ስፔሰር፣ እንዲሁም የሐኪሙን መመሪያ ግልባጭ ለክሊኒኩ አስረክቡ። አርብ ከሰዓት በኋላ ነርሷ ክሊኒክ ውስጥ ትጠብቃችኋለች። የልጃችሁን ፓፍ ይዛችሁ ኑ፤ ልጁ ሲወስድ አይታ ታስተካክላለች። ጠርሙስ መሥራት የምትፈልጉ ባዶ ሃይላንድ ያዙ፤ ሽቦውና ፕላስተሩ ከእኛ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር