የኮምፒውተር ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የሽንኩርት ዋጋና ሁለቱ ሰዓቶች

የክበባችንን ሥራ ከመግለጼ በፊት፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቹን የምታስተምሩት ንግድ ነው ወይስ ቁማር?» ተብሎ ለተነሣው ጥያቄ መልስ መስጠት ይገባኛል። ክበቡ በዓመቱ ውስጥ አንድ ብር እንኳ ለግዢ አላዋለም። ልጆቹ የተማሩት «ግዛ» ወይም «ቆይ» ብሎ የሚወስን ፕሮግራም የዕለቱን ዋጋ ከማየቱ በፊት፣ አስቀድሞ በተመዘገበ ገበያ ላይ እንዴት እንደሚፈተን ነው።

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተካሂደዋል፤ የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በመሠረታዊ የፓይተን ትምህርት አልፏል። መነገር የሚገባው ግን የኮምቦልቻው ጉዞ ነው።

ከተማሪዎቹ ግማሾቹ ደሴ ገበያ ቀሩ፤ ግማሾቹ በሚኒባስ ወደ ኮምቦልቻ ወረዱ። ሥራቸው የሽንኩርትን የኪሎ ዋጋ መመዝገብና ወደ ደሴ በስልክ መልእክት መላክ ነበር። ነጋዴዎቹ ደብተር የያዙ ልጆች ሲያዩ «ግብር ልትጨምሩብን ነው?» እያሉ ዋጋ ለመናገር አንገራግረው ነበር። የፕሮግራሙ ደንብ ቀላል ነው፦ የደሴ ዋጋ ከኮምቦልቻው ከ6 ብር በላይ ከበለጠ «ግዛ»፣ ካልሆነ «ቆይ» ይላል።

በሚቀጥለው ማክሰኞ መዝገቡን ዋጋዎቹ በተነገሩበት ሰዓት ቅደም ተከተል ደርድረን ለፕሮግራሙ አንድ በአንድ መልሰን አቀረብንለት፤ ይህን መልሶ ማጫወት እንለዋለን። የሁለት ሰዓት ገበያ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ አለቀ፤ ውሳኔዎቹም ሁሉ ትክክል መሰሉ። እኔም ተደስቼ ነበር።

ያን ጊዜ ኮምቦልቻ ከነበሩት አንዷ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ እጇን አውጥታ «መምህር፣ ይህን ዋጋ እኮ ደሴ ያሉት በዚያ ሰዓት አላወቁትም» አለች። እውነቷን ነበር። የኮምቦልቻ ሽንኩርት 4፡10 ላይ ከ60 ወደ 65 ብር ከፍ ብሏል፤ ኔትወርክ ስለተቋረጠ ግን መልእክቱ ደሴ የደረሰው 4፡27 ላይ ነው። በመካከሉ፣ 4፡20 ላይ፣ የደሴ ዋጋ 68 ብር ሆነ። የእኛ አደራደር ፕሮግራሙ አዲሱን 65 ብር ያወቀ ስላስመሰለው ልዩነቱን 3 ብር አድርጎ «ቆይ» አለ። በዕለቱ ቢሠራ ኖሮ ግን በእጁ ያለው የ3፡55ቱ 60 ብር ብቻ ስለሆነ፣ ልዩነቱ 8 ብር ነው ብሎ «ግዛ» ባለ ነበር። በትልልቅ የአክሲዮን ገበያዎችም እያንዳንዱ ዋጋ ገበያው ያተመበትና ተቀባዩ ኮምፒውተር ጋ የደረሰበት ሁለት ሰዓት አለው፤ መልሶ ማጫወቱ መከተል ያለበት ሁለተኛውን ነው። ይህን ያስተማረችኝ ተማሪዬ መሆኗን ስጽፍ አላፍርም።

መዝገቡን በመድረሻ ሰዓት ደረደርን፤ ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱ ከተነገረ ከ10 ደቂቃ በላይ ካለፈው ፕሮግራሙ እንዲጠብቅም ደንብ ጨመርን። የ4፡20ው ፍተሻ «ቆይ» የሚል መልስ ይጠብቅ ስለነበር ወዲያው አለፈ። ያለፈው ግን በስሕተት ነበር! ፕሮግራሙ ጊዜን የሚጠይቀው ከኮምፒውተሩ ሰዓት ስለሆነ፣ የሳምንት መዝገብ ሁሉ ያረጀ መስሎት ለማንኛውም ነገር «ቆይ» ይል ነበር። ያጋለጠው የ3፡56ቱ ፍተሻ ነው፦ ኮምቦልቻ 60፣ ደሴ 67 ብር፣ ሁለቱም ትኩስ ዋጋዎች ስለሆኑ «ግዛ» ማለት ነበረበት፤ አላለም። ስለዚህ ሰዓቱን ራሱ ፕሮግራሙ እንዳይጠይቅ፣ ከመዝገቡ እንዲሰጠው አደረግን፦

```python
def decide(kombolcha, dessie, now):
    oldest = min(kombolcha.said, dessie.said)
    if now - oldest > 10:
        return "WAIT"
    if dessie.price - kombolcha.price > 6:
        return "BUY"
    return "WAIT"
```

ሰዓቶቹ በደቂቃ የተቆጠሩ ናቸው፤ በፍተሻ ጊዜ `now` የመልእክቱ መድረሻ ሰዓት ነው፣ በዕለት ገበያ ደግሞ የእጅ ሰዓታችን። የውሳኔው ኮድ ግን በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። አሁን 3፡56 ላይ «ግዛ»፣ 4፡20 ላይ «ቆይ» ይላል፤ ሁለተኛውም ዋጋው 25 ደቂቃ ስላስቆጠረ ነው።

መልሶ ማጫወት የማያሳየውም አለ። አሥር ኩንታል ልግዛ ብንል ነጋዴው ዋጋውን ከፍ ማድረጉ አይቀርም፤ የተመዘገበ ነጋዴ ግን የእኛን ፍላጎት አያይም። ስለዚህ ፍተሻው ኮዱ ደንቡን መከተሉን እንጂ ደንቡ አትራፊ መሆኑን አይመሰክርም።

ካሉን ሰባት ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ መብራት በመጥፋቱም የሁለተኛውን ጉዞ መዝገብ ግማሹን አጥተናል። ለስፖርት ማሊያ የተገኘው ገንዘብ ለአንድ የኃይል መጠባበቂያ ባትሪ ለምን እንደማይገኝ የወላጅ መምህር ኅብረት ቢመክርበት መልካም ነው። የመጀመሪያው ጉዞ መዝገብ፣ ዘግይተው የደረሱትና የተደገሙት መልእክቶች ሳይነኩ፣ በክበቡ ፍላሽ ላይ ስላለ ማንም መጥቶ ሊያየው ይችላል።