በሰብታይትል ላይ ቃላት ስለምንቀንስበት ምክንያት ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፦

ሰብታይትል የሠራንላቸው አንዳንድ ደንበኞቻችን «ተናጋሪው ያለው ሁሉ ለምን አልተጻፈም?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ አሠራራችንን በአንድ ምሳሌ እናስረዳለን።

አንድ የግብርና ባለሙያ በ5 ሰከንድ ውስጥ በጥድፊያ እንዲህ ይላል እንበል፦ «እንግዲህ ምን መሰላችሁ፣ ገበሬው፣ ያው ገበሬው፣ ዘሩን ከመዝራቱ በፊት አፈሩን ማስመርመር አለበት ማለት ነው።» ይህ 14 ቃል፣ 52 ፊደል ነው። እኛ በአማርኛ ሰብታይትል በአንድ መስመር ከ30 ፊደል፣ በአንድ ሰከንድ ደግሞ ከ8 ፊደል ላለማለፍ እንጥራለን። የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድነት ስለሚይዝ፣ ለላቲን ፊደል የተለመደው የ42 ፊደል መስመር ለእኛ ጽሑፍ ይበዛል፤ ተመልካቹም ከማንበብ ጎን ለጎን ምስሉን ማየት አለበት። በዚህ ልክ በ5 ሰከንድ የሚነበበው 40 ፊደል ስለሆነ ንግግሩን እንዲህ እናሳጥረዋለን፦

```
12
00:01:04,200 --> 00:01:09,200
ገበሬው ዘሩን ከመዝራቱ በፊት
አፈሩን ማስመርመር አለበት።
```

በሰብታይትሉ ላይ የተጻፉት 7 ቃላት 29 ፊደል ናቸው፤ ከምክሩ የጎደለ ነገር የለም። መስመሩንም «በፊት» ላይ የቆረጥነው ሐሳቡ በዚያ ስለሚያርፍ ነው። «ከመዝራቱ» ላይ ብንቆርጠው ኖሮ «በፊት» ብቻውን ወደ ታች ወርዶ አንባቢውን ያደናቅፈው ነበር።

ከሁሉ በላይ የምንጠነቀቅለት ግን የአማርኛ ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። ከዚህ በፊት በሠራነው አንድ የጤና ትምህርት ቪዲዮ «እናት ከ6 ወር በታች ለሆነ ሕፃን ውሃ መስጠት» የሚለው በአንድ ሰብታይትል፣ «የለባትም» የሚለው ደግሞ በሚቀጥለው ላይ ወጥቶ ነበር። በሁለቱ መካከል ባለፈው ቅጽበት ጽሑፉ የክልከላውን ተቃራኒ የሚመክር ይመስል ነበር። ስህተቱ የእኛ ነበር፤ ያገኘነውም ቪዲዮው ለደንበኛው ከመድረሱ በፊት ድምፁን አጥፍተን ስናየው ነው። ከዚያ ወዲህ አፍራሽ ግሥ ከሚያፈርሰው ሐሳብ እንዳይለይ እናደርጋለን፤ አንድ ላይ ካልበቃቸውም ዓረፍተ ነገሩን አሳጥረን እንጽፈዋለን።

ስም፣ ቁጥር፣ የመድኃኒት መጠንና ቀን በምንም ምክንያት አንቀንስም። ለፍርድ ቤት ማስረጃ ወይም ለጥናት የሚውል ቃለ ምልልስ ሲሆን ግን ድግግሞሹና ማመንታቱ ሳይቀር ቃል በቃል መጻፍ ስላለበት፣ ያንን የምንሠራው እንደ ሰብታይትል ሳይሆን ከድምፅ ወደ ጽሑፍ እንደሚገለበጥ ሰነድ ነው። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትፈልጉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ብትገልጹልን ደግሞ መሥራት አይኖርም።

የላክንላችሁን ረቂቅ ስትገመግሙም መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታችሁ እንድትመለከቱትና ዓይናችሁ የተደናቀፈበትን ደቂቃና ሰከንድ ጽፋችሁ እንድትልኩልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
የጽሑፍና የሰብታይትል ሥራ ክፍል