ለስታትስቲክስ ጥናት ቡድናችን፦ የሙከራ ፈተናው አዘገጃጀት

ሰላም ጓደኞች፣

ፋይናሉ ከ50 የሚያዝ የ2 ሰዓት ፈተና ስለሆነ የእኛም እንደዚያው ይሁን። ከ120 ደቂቃው 10ሩን ለማንበብ፣ 10ሩን ለመከለስ እንተው። 100 ይቀራል፤ ለአንድ ማርክ 2 ደቂቃ ማለት ነው።

ማርኩን በኮርስ አውትላይኑ ላይ ባለው የትምህርት ሰዓት እናከፋፍል። አራቱ ምዕራፎች 12፣ 9፣ 6 እና 3 ሰዓት ስለተያዘላቸው 20፣ 15፣ 10 እና 5 ማርክ ይደርሳቸዋል። የሚቀለንን ምዕራፍ ካበዛን ውጤቱ ያታልለናል።

ጥያቄዎቹን ከወርክሺቱ እንውሰድ፣ ግን ቁጥሮቹን እንቀይር። አለዚያ ትዝታችንን ነው የምንፈትነው። ለምሳሌ የስታንዳርድ ዴቪዬሽን ጥያቄ 8 ማርክ ከተሰጠው 16 ደቂቃ አለው። 10 ቁጥሮች ይበቁታል፤ 30 ካደረግነው ካልኩሌተር መጫን ብቻ ይሆናል። ለአማካዩ 2፣ ለልዩነቶቹ ካሬ ድምር 3፣ በ n−1 አካፍሎ ስኩዌር ሩቱን ለማውጣት 2፣ ውጤቱን በቃላት ለማብራራት 1 ማርክ እንስጥ። አማካዩን የሳተ ሰው ቀሪውን በራሱ ቁጥር በትክክል ከሠራ፣ የሚያጣው የአማካዩን ማርክ ብቻ ነው።

ለሁለት ተከፍለን አንዳችን ለሌላው እናውጣ። ያወጣው ወገን መጀመሪያ ራሱ በወረቀት ይሥራው። መልሱን እያወቀ ከ50 ደቂቃ በላይ ከፈጀበት ፈተናው ረዝሟል። ያኔ ማርኩን ሳይሆን ጥያቄውን ነው የምንቀንሰው። የመልስ ቁልፉ ከነማርክ ክፍፍሉ አብሮ ይዘጋጅ።